ፎቶ ቤት "ያሳመረው" የዲቪ ፎቶ ለምን ውድቅ ይሆናል?

አንዲት ልጅ ከሐሮ ወንጪ ተነስታ ለዲቪ ፎቶ አምቦ መጣች እንበል። ጉንጯ ላይ የልጅነት ጠባሳ አላት። ኤዲተሩ ኮምፒውተሩ ላይ ጠባሳውን አጠፋላት፣ ፊቷን ትንሽ አቀላው፣ አገጯንም ቀጠን አደረገው። ቆንጆ ሆና ወጣች። ፎቶው ግን ለዲቪ አይሆንም።

የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ደንብ መልክን የሚቀይር ማንኛውንም ኤዲት ይከለክላል። ምክንያቱም ይህ ፎቶ ለግድግዳ ሳይሆን ለማመሳከሪያ ነው። ሶፍትዌር የዓይን፣ የአፍንጫና የአገጭን ቅርጽ ከሌላ ፎቶ ጋር ያነጻጽራል። አገጩ ከቀጠነ ንጽጽሩ ይዛባል። ጠባሳው ደግሞ ኤምባሲ መስኮት ላይ ፎቶውንም ልጅቷንም የሚያየው ሰው የሚፈልገው ምልክት ነው። የሚያሳዝነው፣ ችግሩ ዕጣው ከወጣ በኋላ ቃለ መጠይቅ ላይ ሊነሳ ይችላል። ያኔ የተከፈለው የቪዛ ክፍያ አይመለስም።

ታዲያ ምንም አይነካም ማለት ነው? አይደለም። ፎቶውን ቆርጦ ካሬ ማድረግ፣ 600 በ600 ፒክስል ማውጣት፣ ፋይሉን ከ240 ኪሎባይት በታች ማሳነስ ይቻላል፤ ደንቡ ራሱ የሚጠይቀው ነው። መብራቱ ቢጫ አድርጎት ከሆነ የጠቅላላ ፎቶውን ቀለም ወደ ተፈጥሮው መመለስም ሌላ ነገር ነው። ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው፦ ጠቅላላ ፎቶውን ማስተካከልና ፊትን ብቻ ነጥሎ መንካት አንድ አይደሉም። ብጉርም ቢሆን ይቅር፣ አትንኩት። ጀርባውን በኤዲት ነጭ ከማድረግ ነጭ ግድግዳ ፊት መቆም ይሻላል፤ ሲቆረጥ ጆሮና የፀጉር ጫፍ አብሮ ይሄዳል።

ስልካችሁ ላይ ደግሞ ሳታዙት የሚሠራ የ"ቢዩቲ" ሞድ ሊኖር ይችላል። ፎቶውን አጉልታችሁ እዩት፤ ቆዳው እንደ ፕላስቲክ ለስልሶ ከታየ ሞዱ በርቷል። ሰልፊም አይሆንም፣ ክንድ በሚያህል ርቀት አፍንጫን ያተልቃል። ሌላ ሰው አንድ ሜትር ተኩል ያህል ርቆ ያንሳችሁ።

"ማን ያውቅብኛል" የሚል ካለ፣ በ2018 እ.ኤ.አ. ጀርመን የሆነውን ይስማ። የ"ፔንግ" አክቲቪስቶች የአንዲት አባላቸውን ፊት ከአውሮፓ ኅብረቷ ባለሥልጣን ፌዴሪካ ሞገሪኒ ፊት ጋር ቀላቅለው በዚያ ፎቶ እውነተኛ ፓስፖርት አወጡ። አንድ ፓስፖርት ለሁለት ሰው! ጀርመን ከግንቦት 2025 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በወረቀት የታተመ ፎቶ መቀበል ያቆመችው ለዚህ ዓይነቱ ማጭበርበር ነው። ፋይዳ ስንመዘገብም ፎቶ ይዘን አንሄድም፣ እዚያው እንነሳለን፤ ለኤዲት ቀዳዳ የለውም።

የኛዋ ልጅ አሁንም አልረፈደባትም። ያልተነካው ፎቶ ካሜራው ሜሞሪ ውስጥ ሊኖር ይችላልና፣ ሳይጠፋ "ኦሪጅናሉን ቆርጠህ ብቻ ስጠኝ" ትበለው።