በቀለበት ውስጥ፣ በሰዓት ጀርባ

ቀለበት ላይ ስም ማስቀረጽ ዋጋ ይቀንሳል ብለው የሚሰጉ ብዙ ናቸው። ድንጋይ የሌለው ተራ የወርቅ ቀለበት ከሆነ ስጋቱ መሠረት የለውም። 4 ግራም የሚመዝን ባለ 18 ካራት ቀለበት ለወርቅ ቤት ሲሸጥ የሚታየው ሚዛኑና ካራቱ ነው። ውስጡ ያለው 3 ግራም ንጹሕ ወርቅ ስም ቢጻፍበትም ባይጻፍበትም ያው ነው፤ መጨረሻው መቅለጥ ነዋ!

በቀለበት ላይ ዋናው ጉዳይ ቦታ ነው። የውስጡ ስፋት 17 ሚሊ ሜትር ከሆነ ዙሪያው 53 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ይህን ሁሉ በጽሑፍ አይሙሉት። ጣት ወፍሮ ቀለበቱ ሲሰፋ ወርቅ ሠሪው ብዙውን ጊዜ ከታች በኩል ቆርጦ ይቀጥለዋል፤ እዚያ ላይ ያለ ፊደል አብሮ ይጠፋል። የካራቱ ማኅተምም (ለ18 ካራት 750 የሚለው) ሳይነካ መቆየት አለበት። ቀለበቱ ወርቅ ቅብ ከሆነ ደግሞ መቅረጫው ቅቡን ፍቆ ከሥር ያለውን ብረት ያወጣዋል።

ቀኑን ሲያስጽፉ ወሩን በስሙ ይጻፉ። 5/5/2017 የሚለውን እኛ ጥር 5 ብለን ስናነበው፣ ውጭ አገር ያደገ ልጅ ሜይ 5 ይለዋል። በመካከሉ ወደ 8 ዓመት የሚጠጋ ልዩነት አለ። «ጥር 5 ቀን 2017» ካሉ ግን ማንም አይሳሳትም።

ሰዓት ሌላ ነው። ጥሩ ሰዓት የሚሸጠው በግራም ሳይሆን ለሚቀጥለው ባለቤት ነው፤ ያ ሰው ደግሞ የሌላ ሰው ስም ከእጁ ሥር እንዲኖር አይፈልግም። በማርኬቲንግ ቋንቋ ገዢዎን በአንድ ስም አጠበቡት ማለት ነው። ተቃራኒው የታየው በፊልም ተዋናዩ ፖል ኒውማን ሮሌክስ ዴይቶና ነው። ባለቤቱ ጆአን ውድዋርድ መኪና መወዳደር ይወድ ለነበረው ባሏ ሰዓቱን ስትሰጠው፣ ከጀርባው «በጥንቃቄ ንዳ፣ እኔ» የሚል መልእክት በእንግሊዝኛ አስቀርጻ ነበር። በ2017 እ.ኤ.አ. ኒውዮርክ ውስጥ በጨረታ ከ17 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተሸጠ። እዚያ ጽሑፉ ሰዓቱ የማን እንደነበር መሰከረ፤ የእኔና የእርስዎ ስም ግን ይህን አያደርግም።

«ኋላ አስፍቀዋለሁ» የሚሉም አሉ። ጥልቅ ጽሑፍ ሲፋቅ የጀርባው ክዳን ይሳሳል፤ ፋብሪካው ያተመው ጽሑፍና ቁጥርም አብሮ ሊጠፋ ይችላል። ልምድ ያለው ገዢ ክዳኑን ወደ ብርሃን አዘንብሎ ጎድጎድ ያለውን ቦታ ያየዋል። ስለዚህ ሰዓቱን አንድ ቀን የመሸጥ ሐሳብ ካለዎት ከስም ይልቅ ቀን ብቻ፣ ወይም ሁለት የስም መነሻ ፊደል ያስጽፉ። ከዚያም የተሻለው የማሰሪያው ዘለበት ላይ ማስጻፍ ነው፤ እሱ ተፈትቶ ይቀየራል። መሣሪያው ከመጀመሩ በፊት ግን ጽሑፉን በትክክለኛ መጠኑ ወረቀት ላይ አትመው እንዲያሳዩዎት ይጠይቁ፤ «ች» እና «ቸ» ሲያንሱ በቀላሉ ይመሳሰላሉ።