ስለ ነጃሺ ወረደች የተባለችው አንቀጽ የማን ናት?

ሐዋሳ ውስጥ የሙስሊምና የክርስቲያን ጓደኛሞች ጨዋታ ወደ ሃይማኖት ካዘነበለ ነጃሺ ሳይነሳ አይቀርም። አንዱ “ቁርኣን እኮ እኛን ክርስቲያኖችን የሚያመሰግን አንቀጽ አለው፤ ስለ ሐበሻው ንጉሥ የወረደ ነው” ይላል። ሌላው ደግሞ “እሱማ ሰልሟል፤ አንቀጹ አንተን አይመለከትም” ብሎ ይመልሳል። ከዚያ ቡናው ይቀዘቅዛል፣ ክርክሩ ይሞቃል።

የሚያከራክራቸው የሱረቱል ማኢዳህ 82ኛው አንቀጽና ተከታዩ ነው። መልእክቱ ባጭሩ ይህ ነው፦ ለአማኞች በጠላትነት የበረቱት አይሁዶችና ጣዖት አምላኪዎች ናቸው፤ በወዳጅነት የሚቀርቡት ደግሞ “እኛ ክርስቲያኖች ነን” የሚሉት ናቸው፤ ምክንያቱም በውስጣቸው ቀሳውስትና መነኮሳት አሉ፣ አይኮሩምም። ቀጣዩ አንቀጽ እነዚህ ሰዎች የወረደውን ሲሰሙ አልቅሰው ማመናቸውን ይናገራል።

ልብ በሉ፤ አንቀጹ ውስጥ ነጃሺ የሚል ስም የለም፣ ሐበሻ የሚልም የለም። ስሙን ያመጣው ሰበቡ ኑዙል ነው። ይህም አንድ አንቀጽ በየትኛው አጋጣሚ እንደወረደ የሚናገር ዘገባ ማለት ነው። ሁለቱ ጓደኛሞች ሳያውቁት የሚከራከሩት በዚህ ዘገባ ነው።

በቅድሚያ ለዘገባዎቹ ፍትሐዊ እንሁን፤ ያለ እነሱ የሚያደናግሩ አንቀጾች አሉ። ሐጅ ላይ በሶፋና በመርዋ ኮረብቶች መካከል ስለመመላለስ የሚናገረው የሱረቱል በቀራህ 158ኛ አንቀጽ “ኃጢአት የለበትም” በሚል አገላለጽ ነው የመጣው። ዑርዋህ ኢብን ዙበይር ይህንን አንብቦ “እንግዲያው ቢተውትም ምንም አይደል” ብሎ ገመተ። አክስቱ ዓኢሻ አረመችው። ከእስልምና በፊት መናት ለተባለችው ጣዖት ይሰግዱ የነበሩ የመዲና ሰዎች በሁለቱ ኮረብቶች መካከል መመላለስ ይከብዳቸው ነበር፤ አንቀጹ የወረደው ያንን ስጋት ሊያነሳላቸው ነው እንጂ ሥርዓቱን በፈቃድ የሚደረግ ሊያደርገው አይደለም አለችው። እዚህ ላይ ዘገባው ጥያቄውን አሳየን፤ ጥያቄው ሲታወቅ መልሱ ተገለጠ።

ወደ ማኢዳህ እንመለስ። ብዙዎቻችን የምናውቀው ታሪክ ጃዕፈር ኢብን አቢ ጧሊብ በንጉሡ ፊት ከሱረቱ መርየም ሲያነብ ንጉሡና ጳጳሳቱ ማልቀሳቸውን ነው። “ስለዚህ አንቀጹ የወረደው ያን ጊዜ ነው” እንላለን። ልቅሶው ከልቅሶው ይገጥማላ! ጋዜጠኝነት የተማረ ሰው ግን መጀመሪያ የሚጠይቀው “መቼ?” ብሎ ነው። ስደቱ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ615 ገደማ፣ ነቢዩ ገና መካ ሳሉ ነው። ሱረቱል ማኢዳህ ግን የወረደው እ.ኤ.አ. ከ622ቱ ሂጅራ በኋላ፣ መዲና ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1373 ያረፈው ታዋቂው ሙፈሲር ኢብን ከሲር ይህንኑ አንስቶ ነው ዘገባውን የተጠራጠረው፦ አንቀጹ መዲና የወረደ ነው፣ የጃዕፈር ታሪክ ግን ከሂጅራ በፊት ነው አለ።

ሌላ ዘገባ ደግሞ አለ። ነጃሺ ወደ ነቢዩ የላካቸው መልእክተኞች ቁርኣን ሲነበብ ሰምተው አለቀሱ ይላል። ይህኛው ጊዜው ሊገጥም ይችላል፤ የመልእክተኞቹ ቁጥር ግን አንዱ ጋ 12፣ ሌላው ጋ 50፣ ሌላው ጋ 70 ይሆናል። እንዲያውም ነጃሺ ራሱ ወደ ነቢዩ ሲጓዝ መንገድ ላይ ሞተ የሚል ዘገባም አለ። ኢብን ከሲር ይህን አልተቀበለውም፤ ምክንያቱም ንጉሡ በአገሩ ነግሦ ሳለ እንደሞተና ነቢዩም በሞተበት ቀን እንደሰገዱበት የታወቀ ነው።

ታዲያ ዘጋቢዎቹ ዋሹ ማለት ነው? አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1328 ያረፈው ኢብን ተይሚያ እንዳብራራው የጥንቶቹ ሰዎች “ይህ አንቀጽ ስለ እገሌ ወረደ” ሲሉ ሁለት ነገር ሊሉ ይችላሉ። አንዳንዴ “ይህ ሲሆን ያ ወረደ” ማለታቸው ነው። አንዳንዴ ግን “የእገሌ ጉዳይ በዚህ አንቀጽ ትርጉም ውስጥ ይገባል” ማለታቸው ብቻ ነው። ሁለተኛው ምሳሌ መስጠት እንጂ የአጋጣሚ ምስክርነት አይደለም። እኛ ግን ምሳሌውን እንደ ዜና እናነበዋለን፤ ስህተቱ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው።

የቀደመው ሊቅ ጦበሪ (እ.ኤ.አ. በ923 ያረፈው) ጉዳዩን በጥንቃቄ ነው የያዘው። በዚህ አንቀጽ ላይ አላህ ሰዎቹን በጠባያቸው ገለጻቸው እንጂ በስም አልጠራልንም፤ የነጃሺ ሰዎችም ሊሆኑ ይችላሉ፣ የዒሳን መንገድ ይከተሉ የነበሩ ሌሎችም ሊሆኑ ይችላሉ አለ። ስለ ነጃሺ ሞት እንደወረደ የሚነገርለት ሌላ አንቀጽም አለ፤ የሱረቱ አሊ ዒምራን 199ኛው። በዚያም ላይ ጦበሪ የዘገባው ሰንሰለት አጠያያቂ መሆኑን ጠቁሞ፣ ትክክል ቢሆን እንኳ አንቀጽ በአንድ ጉዳይ ወርዶ መሰሎቹን ሁሉ ሊያጠቃልል ይችላል ይላል። ዓሊሞች ዘንድ የታወቀው ደንብም ይኸው ነው፦ የሚታየው የቃሉ ስፋት ነው፣ የምክንያቱ ጥበት አይደለም።

አሁን ወደ ቡናው ጠረጴዛ። አንዱ ተከራካሪ “ወዳጅነቱ ለነጃሺ ብቻ ነው” ብሎ ውዳሴውን በአንድ ሰው ላይ ይዘጋዋል። ይኸው ሰው እዚያው አንቀጽ መጀመሪያ ላይ ያለውን ጠላትነት ግን ለዘመናት ሁሉ፣ ለአይሁድ ሁሉ ክፍት ያደርገዋል። አንድን ዓረፍተ ነገር ግማሹን በታሪክ ማሰር፣ ግማሹን ከታሪክ መፍታት! ወይ ሁለቱንም በጊዜያቸው አጋጣሚ አንብብ፣ ወይ ሁለቱንም በጠባይ አንብብ። ሌላው ተከራካሪም አይድንም። “ክርስቲያን በሙሉ ተመሰገነ” ሲል ስለሰሙትና ስላመኑት የሚናገረውን ቀጣይ አንቀጽ ይዘለዋል። ሁለቱም የሚመቻቸውን ሰበብ መርጠው አንቀጹን ቆርጠውታል።

እኔ የሚታየኝ እንዲህ ነው። አንቀጹ ራሱ “ምክንያቱም” ይላል፤ ቀሳውስትና መነኮሳት መኖራቸውን፣ አለመኩራታቸውን ያነሳል። ከአንቀጹ ውስጥ ያለው ምክንያት ከውጭ ከሚመጣው ታሪክ መቅደም አለበት። ታሪኩ ሲያግዝ ይምጣ፤ የዓኢሻ ማብራሪያ እንዳደረገው ጥያቄውን ያሳየን። የአንቀጹን ባለቤት ሊሾምልን ሲመጣ ግን ሦስት ነገር እንጠይቀው፦ ጊዜው ይገጥማል? ዘጋቢው ክስተት ነው የሚነግረን ወይስ ምሳሌ? አንቀጹ ያላለውን ስም ለምን አስፈለገን?

ሦስተኛው ጥያቄ ለእኛ ከሁሉም ይከብዳል። ነጃሺ የጋራ ታሪካችን ስለሆነ ስሙ ሲነሳ ሁላችንም ልባችን ይሞቃል፤ የሞቀ ልብ ደግሞ ዘገባ አይመረምርም። ጎረቤትህ በአንቀጹ ውስጥ አለ ወይስ የለም የሚለውን ከመወሰንህ በፊት ግን መመርመሩ ግዴታ ነው፤ ምክንያቱም የምትወስነው ስለ ሰባተኛው ክፍለ ዘመን ንጉሥ ብቻ ሳይሆን፣ ነገ ጠዋት በሩ ላይ ቆመህ ሰላም ስለምትለው ሰው ጭምር ነው።