«ተፈትኗል» ሲሏችሁ «በማን ላይ?» በሉ

ሰሞኑን ሲኒማ ራስ ጋር ታክሲ ስጠብቅ አንድ ልጅ «ለስኳር፣ ለደም ግፊት፣ ለጨጓራ» እያለ በላስቲክ የታሸገ ዱቄት ይሸጣል። «ዶክተር፣ ይሄ እኮ በላብራቶሪ የተፈተነ ነው» አለኝ። ልጁ ላይዋሽ ይችላል። ችግሩ ላብራቶሪ የመንገዱ መነሻ እንጂ መድረሻ አለመሆኑ ነው።

አንድ መድኃኒት መጀመሪያ በብልቃጥና በእንስሳት ይፈተናል። እዚህ የሚለካው መርዛማነቱ ነው፤ ለሰው በስንት መጠን ቢጀመር አያሰጋም የሚለውም ከዚሁ ይሰላል። በምዕራፍ 1 ብዙ ጊዜ ጥቂት ጤነኛ በጎ ፈቃደኞች ይወስዱትና ጉዳቱና ደም ውስጥ የሚቆይበት ጊዜ ይታያል። ያድናል ወይ፣ በምን ያህል መጠን የሚለው ጥያቄ በሕመምተኞች ላይ የሚነሳው ገና በምዕራፍ 2 ነው። በምዕራፍ 3 ብዙ ታካሚዎች በዕጣ ተከፍለው አዲሱ ከነባሩ ሕክምና ጋር ይወዳደራል።

«ይሄ ሁሉ ምን ያደርጋል?» ለምትሉ የካላዛርን ታሪክ ልንገራችሁ። ካላዛር በአሸዋ ዝንብ የሚተላለፍ፣ ጣፊያን የሚያሳብጥ፣ ካልታከመ የሚገድል በሽታ ነው። ለሰሊጥ ሥራ ሁመራና መተማ የሚወርዱ ወጣቶች በደንብ ያውቁታል። ፓሮሞማይሲን የተባለው መርፌ ሕንድ ውስጥ በምዕራፍ 3 ተፈትኖ ከ100 ታካሚ 95 ያህሉን አዳነ። ታዲያ ለእኛስ ምን ቀረው? ዝም ብሎ ማስመጣት አይደል?

አልሆነም። ያንኑ መጠን ለ21 ቀን በጎንደር፣ በአርባ ምንጭ፣ በሱዳንና በኬንያ ሲሞክሩት በ6ኛው ወር ድነው የተገኙት ከ100 64 ገደማ ብቻ ነበሩ። ነባሩ መርፌ ግን 92 ያህሉን አድኗል። በሁለት የሱዳን ጣቢያዎች ደግሞ ፓሮሞማይሲን ግማሹን እንኳ አላዳነም። ልብ በሉ፣ የሚለካው መድኃኒቱ ባለቀ ማግስት ሳይሆን ከ6 ወር በኋላ ነው፤ ትኩሳቱ ጠፍቶ «ዳንኩ» ያለ ሰው በሽታው ሊያገረሽበት ይችላልና።

ተመራማሪዎቹ ሁለቱን መርፌዎች አጣምረው እንደገና ፈተኑ። ውጤቱ ከነባሩ ጋር ተቀራራቢ፣ ሕክምናው ግን ከ30 ወደ 17 ቀን አጠረ። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2010 እ.ኤ.አ. ለምሥራቅ አፍሪካ ይህንኑ ጥምረት መከረ። ከዚያም በኋላ በብዙ ሺህ ሰው መሃል ብቻ የሚታይ ጉዳት እንዳያመልጥ ክትትሉ ይቀጥላል፤ ይሄ ምዕራፍ 4 ነው።

እንግዲህ በሕንድ ሕመምተኞች ላይ በሚገባ የተፈተነ መድኃኒት እንኳ እዚህ ካልበቃ፣ ብልቃጥ ውስጥ ጀርም ገደለ የተባለ ዱቄት ለእናታችሁ ስኳር ምን ዋስትና አለው? የባህል መድኃኒትን እየናቅኩ አይደለም። ከመግዛታችሁ በፊት ግን ሦስት ነገር ጠይቁ፦ በሰው ላይ ተሞክሯል? ከምን ጋር ተወዳድሮ? ከስንት ወር በኋላ ታይቶ? መልስ ከሌለ የያዛችሁትን መድኃኒት እንዳታቋርጡ።

ለወዳጅ ዘመድ ሼር አድርጉት። ጤና ይብዛላችሁ!