የልብ ድካም ላለበት ሰው ስለሚሰጥ የምግብ ትእዛዝ

ሐኪም ለልብ ድካም በሽተኛ «ጨው በቀን ከ5 ግራም፥ መጠጥ ከ1 ሊትር ተኩል አይለፍ» ብሎ ጽፎ ወደ ቦምቤ ቢያሰናብተው፥ ትእዛዙን ቀድሞ የሚያፈርሰው የቡና ቅጠል መጠጥ ነው እንላለን። በወላይታ በጨውና በቅመም ይፈላልና፥ አንዱ ስኒ ከጨውም ከመጠጥም ይቈጠራል፤ ጨውም ውሃን በሰውነት ያስቀራል። ስለዚህ የበሽተኛው ቡናና ዳጣ ያለ ጨው ለብቻ ይሰናዳለት።

ጠዋት 1 ሊትር ተኩል ውሃ በማሰሮ ተለክቶ ይቀመጥ። ውሃ ሲጠማው ከዚያ ይቅዳ፤ ቡና ወይም ወተት ሲጠጣም ያንኑ ያህል ከማሰሮው ይድፋ። ማሰሮው ባዶ ሲሆን የቀኑ መጠጥ አለቀ።

በየማለዳውም ሳይበላ ይመዘን። በ3 ቀን ከ2 ኪሎ በላይ ቢጨምር ውፍረት ሳይሆን የተጠራቀመ ውሃ ነውና፥ እግሩ እስኪያብጥ ሳይቈይ ወደ ሐኪሙ ይመለስ።