ጮክ ብለህ ያልቀራኸውን፣ ከኪታቡ ጋር ያላስተያየኸውን ጽሑፍ አታስረክብ!



ዛሬ የምናገረው ብዕር ለያዛችሁ ሁሉ ነው። ለኮሌጅ መምህር ጥናት የምታስረክቡ፣ ለመጽሔት መጣጥፍ የምትልኩ፣ ለመስጂድ ትምህርት ጽሑፍ የምታዘጋጁ ሁሉ ስሙኝ። በመካከላችን አንድ መጥፎ ልማድ ሥር ሰዷል። ጽሑፉ የመጨረሻው ነጥብ ላይ ሲደርስ «አለቀ» ተብሎ ይላካል። ጸሐፊው የጻፈውን በድምፁ አልሰማውም፤ ከወሰደበት ኪታብ ጋርም ጎን ለጎን አድርጎ አላየውም። «ኢብን ኢስሓቅ ብለዋል» ብሎ ይጽፋል፤ ኢብን ኢስሓቅ ግን ያንን አላሉም።

ይህን ስናገር «ታጠብቃለህ» የሚለኝ አይጠፋም። ታዲያ አንድ አንቀጽ አብረን እንመርምር። ምሳሌው ስለ ሐበሻ ስደት ይሁን፤ የአገራችን ጉዳይ ስለሆነ ሁላችንም የምናውቀው ይመስለናልና። አንድ ተማሪ እንዲህ ጻፈ እንበል፦

«በ615 ዓ.ም. ሴቶችንና ሕፃናትን ጨምሮ 83 ሙስሊሞች ከመካ ወደ ሐበሻ ተሰደዱ። ኢብን ኢስሓቅ እንደጻፉት ዐማር ኢብን ያሲርም ከስደተኞቹ አንዱ ሲሆን ንጉሡ ነጃሺ በክብር ተቀብሎ አስተናገዷቸው።»

በዓይን ስታየው ያማረ አንቀጽ ነው። አብዛኛው ሰው ያለ ጥርጣሬ ያልፈዋል። እስኪ መጀመሪያ ጮክ ብለን እናንብበው።

ጮክ ብሎ ማንበብ ማለት ከንፈር ማንቀሳቀስ አይደለም። ደረሳ ሸይኹ ፊት ተቀምጦ ኪታብ ሲቀራ እንደሚያደርገው፣ እያንዳንዱን ቃል ሳይውጡ፣ አኅጽሮቱን ሁሉ ዘርዝሮ ማንበብ ነው። ዓይን የሚያየው ጸሐፊው ሊጽፈው ያሰበውን ነው። ምላስ ግን ወረቀቱ ላይ ባለው ፊደል ላይ መርገጥ አለበት።

ገና ከመጀመሪያው «ዓ.ም.» የሚለውን «ዓመተ ምሕረት» ብለህ ስትጠራው ጆሮህ ይነቃል። 615 የፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው፤ በእኛ አቆጣጠር 607 ወይም 608 ይሆናል። አኅጽሮቱ በዓይን ሲታይ ጌጥ መስሎ አልፎ ነበር፤ በድምፅ ሲነበብ ግን ሰባት ስምንት ዓመት የሚያሳስት ሆኖ ተገኘ። ወይ «እ.ኤ.አ.» ይባል፣ ወይ ቁጥሩ ይቀየር።

ቀጥል። «ዐማር ኢብን ያሲርም ከስደተኞቹ አንዱ ሲሆን ንጉሡ ነጃሺ...» ስትል ትንፋሽህ ይሰናከላል። «ሲሆን» የሚለው ቃል ፈጽሞ የማይገናኙ ሁለት ነገሮችን ሰፍቷል። የዐማር ጉዳይ ሌላ፣ የንጉሡ አቀባበል ሌላ ነው። ትንፋሽ የሚያጥርበት ቦታ ብዙ ጊዜ ዓረፍተ ነገሩ ለሁለት መከፈል የነበረበት ቦታ ነው። መጨረሻ ላይ ደግሞ «ተቀብሎ አስተናገዷቸው» ይላል። «ተቀብሎ» ሲል አንተ ብሎታል፤ «አስተናገዷቸው» ሲል አንቱ ብሏቸዋል። በአማርኛ ግሡ መጨረሻ ላይ ስለሚመጣ፣ ጸሐፊው እዚያ እስኪደርስ እንዴት እንደጀመረ ይረሳል። ጆሮ ግን አይረሳም።

እዚህ ላይ አንድ ምክር ልጨምር። እያነበብክ አታርም። የተሰናከልክበት ቦታ ላይ በእርሳስ ምልክት አድርግና እለፍ። እያረምክ የምታነብ ከሆነ የአንቀጹ ዜማ ይቆረጥብሃል፤ ቀጣዩን ስህተትም አትሰማውም።

ሆኖም ጮክ ብሎ ማንበብ ብቻውን አይበቃም። «ሴቶችንና ሕፃናትን ጨምሮ 83 ሙስሊሞች» የሚለውን መቶ ጊዜ ብትቀራው አይጎረብጥህም። ልሳን ላይ ለስላሳ ነው። ሐሰትም በጥሩ አማርኛ ከተጻፈ ጆሮን ያስደስታል። ስለዚህ ሁለተኛው ሥራ ይመጣል። የሐዲስ ሊቃውንት ሙቃበላ ይሉታል፦ የጻፍከውን ከምንጩ ጋር መስመር በመስመር ማስተያየት።

አሠራሩ ቀላል ነው። አንቀጹን ወደ ነጠላ ወሬዎች በትነው። የእኛ አንቀጽ አምስት ወሬ አለው፦ ዓመቱ፣ ቁጥሩ፣ በቁጥሩ ውስጥ እነማን እንዳሉ፣ የዐማር መኖር፣ የንጉሡ አቀባበል። ከዚያ ኪታቡን ገልጠህ ጎን አስቀምጥና ለእያንዳንዱ «ይህ የት ገጽ ላይ ነው? ቃሉ ምን ይላል?» ብለህ ጠይቅ። ከትዝታህ አትመልስ፤ ጣትህን መስመሩ ላይ አድርግ።

የኢብን ኢስሓቅ ሲራ ወደ እኛ በሰፊው የደረሰው በኢብን ሂሻም በኩል ነው። እዚያ ውስጥ የስደተኞቹ ስም በየጎሳቸው ከተዘረዘረ በኋላ ድምሩ ይመጣል። አሁን ጣትህን አስቀምጥ። ቁጥሩ 83 ነው፤ እሰየው። ግን 83ቱ ወንዶች ናቸው። ከባሎቻቸው ጋር የተሰደዱት ሴቶች በዝርዝሩ ውስጥ በስማቸው ተጠቅሰዋል፤ ለምሳሌ አስማእ ቢንት ዑመይስ ከባለቤታቸው ከጃዕፈር ጋር፤ ድምሩ ግን የወንዶች ድምር ነው። ልጆችስ? ትንንሽ ሆነው አብረው የሄዱትም ሆኑ እንደ ዐብዱላህ ኢብን ጃዕፈር ሐበሻ ላይ የተወለዱት ከቁጥሩ ውጭ መሆናቸው በግልጽ ተነግሯል። ተማሪያችን «ጨምሮ» ብሎ የጻፈው ኪታቡ «ሳይጨምር» ያለውን ነው። አንድ ቃል ነገሩን ገለበጠው።

ዐማርስ? ኪታቡ 83 የሚሆኑት ዐማር ኢብን ያሲር ከነሱ ከነበሩ ነው ይልና፣ በዚህ ላይ ጥርጣሬ እንዳለ ይገልጻል። ተማሪው ጥርጣሬውን ጥሎ እርግጠኝነት ተከለበት፤ እርግጠኝነቱንም ለተጠራጠሩት ሰው ሰጣቸው! ሊቅ «አላውቅም፣ እጠራጠራለሁ» ለማለት የከፈለውን ጥንቃቄ እኛ በአንድ ጠቅታ ስንደመስሰው አያሳፍርም?

ዓመቱን ፈልግ፤ በዚያ ድምር አጠገብ የለም። የመጀመሪያው ስደት በነብይነት አምስተኛ ዓመት፣ በረጀብ ወር መሆኑን የምታገኘው ኢብን ሰዕድ ዘንድ ነው፤ 615 የሚለው ደግሞ ያንን ወደ ፈረንጅ አቆጣጠር የለወጡ ሰዎች ስሌት ነው። በዚያ ላይ 83 የመላው ስደተኞች ድምር እንጂ በመጀመሪያው ዙር የወጡት ጥቂቶች ቁጥር አይደለም። አንቀጹ የሁለት ኪታብ ወሬ አዋህዶ በአንድ ሰው ስም አሳልፎታል።

ከዚህ ሁሉ በኋላ አንቀጹ እንዲህ ይሆናል፦

«ኢብን ሂሻም ባስተላለፉት የኢብን ኢስሓቅ ሲራ መሠረት ወደ ሐበሻ የተሰደዱት ወንዶች፣ ዐማር ኢብን ያሲር ከነሱ ከነበሩ፣ በጠቅላላው 83 ናቸው። የዐማር መሰደድ ግን በዚያው ኪታብ አጠራጣሪ ተብሏል። ትንንሽ ሆነው የሄዱና እዚያ የተወለዱ ልጆች በቁጥሩ ውስጥ የሉም።»

የንጉሡ አቀባበል ለብቻው፣ የራሱን ገጽ ይዞ በሌላ ዓረፍተ ነገር ይምጣ።

ይህ እኔ የፈጠርኩት ጣጣ አይደለም። ዑርዋ ኢብን አዙበይር ልጃቸውን ሂሻምን መጻፉን ጠይቀው፣ ማስተያየቱንም ጠይቀው፣ አለማስተያየቱን ሲነግራቸው እንዳልጻፈ እንደቆጠሩት ይወራል። አልኸጢብ አልበግዳዲ ደግሞ በየሐዲሱ መካከል ክብ እንዲደረግ፣ ክቡም ባዶ ሆኖ እንዲቆይና ሐዲሱ ከምንጩ ጋር ሲስተያይ ብቻ ውስጡ ነጥብ እንዲደረግበት መክረዋል። ይህ ምክር ዛሬም ይሠራል። በረቂቅህ ላይ በየዓረፍተ ነገሩ መጨረሻ ትንሽ ክብ አድርግ፤ ከኪታቡ ጋር ስታስተያየው ነጥቡን ጣል። ባዶ ክብ የቀረበት ረቂቅ አልተጠናቀቀም ማለት ነው።

አሁን ወደ ማመካኛዎቹ እንምጣ። ሁሌም የሚቀርበው «ትርጉሙ እስካልጠፋ ድረስ ችግር የለውም፤ ሪዋያ ቢልመዕና ተፈቅዷል» የሚለው ነው። ወንድሜ ሆይ! የፈቀዱት ዑለማዎች የፈቀዱት ቃላቱንና ትርጉሙን የሚለውጠውን ነገር ለሚያውቅ ሰው ነው። ኢብኑ ሶላሕ ደግሞ ይህ ክርክር በኪታብ ውስጥ የሰፈረን ቃል እንደማይመለከት፣ ማንም ተነስቶ የሌላውን ድርሰት ቃል መለወጥ እንደማይችል አስረግጠዋል። በራስህ አማርኛ ግለጸው፣ ማን ከለከለህ? ግን «ይባላል» የነበረውን «ይላል» አታድርገው። በመካከላቸው አንድ ፊደል ነው ያለው፤ ያች ፊደል ግን ወሬውን ከማይታወቅ ሰው አንስታ በታወቀ ሊቅ አንገት ላይ ታንጠለጥለዋለች።

ሁለተኛው «መምህሩ ያርመዋል» የሚለው ነው። መምህሩ ወረቀትህን ነው የሚያየው፤ የተገለጠው ኪታብ ያለው አንተ ጋ ነው። የተሰናከለ ግሥ ያርምልህ ይሆናል፤ «ሳይጨምር» «ጨምሮ» መሆኑን በምን ያውቃል?

ለእውነት ያህል የዚህም ሥራ ወሰን አለው። ማስተያየት ጽሑፍህ ለምንጩ ታማኝ መሆኑን ያሳይሃል፤ ምንጩ ራሱ ትክክል መሆኑን ግን አያረጋግጥልህም። ያ ሌላ ምርመራ ይፈልጋል። ብቻህን ስታስተያይም አሳቢው አእምሮህ እንደገና ሊያሳስትህ ይችላል፤ በተለይ ሁለት መስመሮች በአንድ ዓይነት ቃል ሲያልቁ ዓይን ከአንዱ ወደ ሌላው ዘሎ መካከል ያለውን ይጥላል። ለዚህ መድኃኒቱ ሁለት ሰው ነው። ኢብኑ ሶላሕ በላጭ ያሉትም ተማሪው ከሸይኹ ጋር ሆኖ የየራሳቸውን ኪታብ ይዘው ማስተያየታቸውን ነው። ሸይኽ ካጣህ ጓደኛህን ጥራ። አንተ ረቂቅህን ቅራ፣ እሱ ኪታቡን ይከታተል፤ ሲለይበት «ቁም!» ይበልህ።

ለአንድ አንቀጽ ይህን ማድረግ ከመግሪብ እስከ ዒሻእ ባለው ጊዜ ያልቃል። ይህን ጊዜ መስጠት የከበደው ሰው «ኢብን ኢስሓቅ እንዳሉት» ብሎ አይጻፍ፤ «እኔ እንደመሰለኝ» ይበል። በሞቱ ሊቃውንት ስም ያላሉትን መናገር ግን አማና ማጉደል ነው፤ ተነስተው አይመልሱልንምና።