ብቻውን ለሚሰፋ ወንድማችን

ዒድ ሲቃረብ ቡታጅራ ላይ ብቻቸውን የሚሰፉ ወንድሞቻችን የመጣውን ትእዛዝ ሁሉ ይቀበሉና እስከ እኩለ ሌሊት ከማሽኑ አይነሱም። ድካሙ መጀመሪያ የሚታወቀው በስፌቱ ነው፤ የሚፈታው ከበዛ ሌሊቱ ትርፍ አላመጣም።

እኛ የምንለው ሒሳቡ ከትእዛዙ ይቅደም ነው። በቀን 3 ጀለቢያ የሚጨርስ ሰው በ20 ቀን 60 ይሰፋል። 50 ላይ ደብተሩን ይዝጋ፤ አስሩ መብራት ለሚጠፋበትና ለማስተካከያ ይቆይ። ሱቁንም መግሪብ ላይ ይዝጋ። ዙህርንና ዐስርን መስጂድ ሲሰግድ ወገቡም ይቃናል፣ የሚያወራው ሰውም ያገኛል።

ከ50 በላይ የመጣውን ለጎረቤት ሰፊ ያሳልፍ። «ደንበኛዬን ይወስድብኛል» የሚሉን አሉ፤ ስጋታቸው ከንቱ አይደለም። እንግዲያው ልኬቱን ራሱ ይውሰድ፣ ጎረቤቱ ይስፋ፣ ደንበኛው ከእሱ ሱቅ ይረከብ። ሒሳቡን በእቁባቸው ቀን ይተሳሰባሉ።