ሰባት ነው ስምንት የሚደመረው?

ዛሬ የራሴን ጥፋት ልናዘዝ ነው።

ጠዋት ሳሪስ አቦ ጋ ታክሲ ስትጋፉ ረዳቱ «ስታዲየም» ይበል «ሜክሲኮ» በደንብ አይሰማም። እኔ አልጠይቅም፣ ዘልዬ እገባለሁ። ብሳሳት ጎተራ ሳልደርስ ወይም ጎተራ ላይ አውቀዋለሁ። እወርዳለሁ፣ ሌላ እይዛለሁ፣ የከሰርኩት የአንድ ጉዞ ሒሳብ ነው። ቆሜ «ወዴት ነው?» እያልኩ ብጠይቅ ግን ወንበሩን ሌላው ይቀመጥበታል። እንግዲህ እዚህ ላይ መገመት ያዋጣል።

ችግሩ ይህንኑ አመሌን ይዤ ሥራ ቦታ መግባቴ ነው። የአምድ ጽሑፍ የቤት ኪራይ ስለማይከፍል (ይታወቅልኝ!) ከሰዓት በኋላ አንድ ፎቶ ኮፒ ቤት ቁጭ ብዬ ለሰው ፎርም እሞላለሁ። ከሦስት ዓመት በፊት አንዲት የሰፈሬ ልጅ ለፓስፖርት መጣች። የተወለደችው ታኅሣሥ 25 ቀን 1988 ዓ.ም. ነው። ከኋላዋ ሰልፍ አለ፣ መብራትም ሊጠፋ ይችላል። ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን የዚያን ዓመት ካላንደር አየሁና ታኅሣሥ 25 ጃንዋሪ 3 መሆኑን አገኘሁ። ዓመቱን ደግሞ ሁላችንም በልባችን በያዝነው ሕግ ሠራሁት፤ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 7 ይደመራል፣ ከጥር ወዲህ 8። ታኅሣሥ ነውና 7 ደመርኩ። ጃንዋሪ 3 ቀን 1995 ብዬ ጻፍኩ። አምስት ደቂቃም አልፈጀብኝ።

ሕጉ ግን የሚቆረጠው ወሩ ሲያልቅ አይደለም፣ የፈረንጆቹ አዲስ ዓመት ሲገባ ነው። ይህም ታኅሣሥ 23 ላይ ይውላል። ከዚያች ቀን ጀምሮ የሚደመረው 8 ነው። በዚህ ላይ 1988 ዘመነ ዮሐንስ ነበር። ከዚያ በፊት በነበረው በ1987 ጳጉሜን 6 ቀን ስለነበረች ሁሉም ነገር በአንድ ቀን ተገፍቷል፤ ገና የተከበረውም ታኅሣሥ 28 ነው። ገና በኛ ዕድሜ ሁልጊዜ ጃንዋሪ 7 ላይ ይውላል። ከ28 ሦስት ቀን ወደ ኋላ ብትቆጥሩ ታኅሣሥ 25 ጃንዋሪ 4 ቀን 1996 ይሆናል። እኔ ልጅቷን በአንድ ዓመት አስረጅቻታለሁ!

ይህ ስሕተት እንደ ታክሲው ጎተራ ላይ «ተሳስተሃል» አይላችሁም። ዝም ብሎ ይቀመጣል። ልጅቷ ፓስፖርቷን ይዛ ደስ ብሏት ሄደች። ከዓመት በላይ ቆይታ ውጭ አገር ሥራ ስታገኝ ነው የትምህርት ማስረጃዋ አንድ ዓመት፣ ፓስፖርቷ ሌላ ዓመት የሚናገረው። የልደት ማስረጃ፣ ማመልከቻ፣ ቀጠሮ፣ እንደገና ቀጠሮ። እርማቱ እስኪደርስ ቀጣሪዎቹ ሌላ ሰው ወሰዱ። እኔን አንድም ክፉ ቃል አልተናገረችኝም፣ ይሄ ነው ይበልጥ የሚያንገበግበኝ። የከሰረችው እሷ፣ የገመትኩት እኔ!

መጠየቅ ምን ያህል ይፈጅብኝ ነበር? አንድ ስልክ። እናቷን በኋላ ሳገኛቸው «ገብርኤል በዋለ በስድስተኛው ቀን፣ ለገና ሦስት ቀን ሲቀራት» አሉኝ። የገናዋ ቀን አብራ መጣች! አንድ ሰው ዕለቱን ሲረሳ ወይም ሲጠራጠር «በስንት ዓመተ ምሕረት ነው?» ከማለት «የትኛው በዓል አጠገብ ነው?» ብትሉ እናቶች ይበልጥ ያውቁታል።

አሁን ፎርም ስሞላ አድራሻና ስልክ ላይ ብዙ አልጨነቅም፣ ሰው ቤት ሲቀይርም ይለወጣሉ። ስምና የልደት ቀን ላይ ግን እጄን አነሳለሁ፤ ሌላው ወረቀት ሁሉ ከነሱ ነው የሚገለበጠው።

ባለፈው ሳምንት አንድ ጎረምሳ መጥቶ ልደቴ ጳጉሜን 6 ቀን 1992 ነው አለኝ። በ1992 ጳጉሜን 5 ቀን ብቻ ነበረች። ወይ ዓመቱ 1991 ነው፣ ወይ ቀኑ ሌላ ነው። «5 ብለህ ጻፈው፣ ምን ልዩነት አለው?» አለኝ። እናቱ ጋ ደወልን፣ አያነሱም። «ነገ ጠይቀህ ና» አልኩት። ተቆጥቶ ወጣና ከጎናችን ያለው ቤት ገባ። እዚያ አምስት ደቂቃም አልፈጀበት።